ማታ 48.3ሺ ተኝታ ጠዋት 46.9ሺ የተነሳች ፔጅ

ጥያቄ፦ «ሰላም ወንድሜ። ኢንስታግራም ላይ የሀበሻ ቀሚስ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ አሜሪካ ናቸው። ማክሰኞ ማታ ስተኛ 48.3K ተከታይ ነበረኝ፤ ጠዋት ስነሳ 46.9K። ምንም አልለጠፍኩም፣ ከማንም አልተጣላሁም። ሰው ተነጋግሮ ነው የወጣው? ሪፖርት ተደርጌ ይሆን? ‹ተከታይ ገዝተሽ ነበር ማለት ነው› የሚሉኝም አሉ፤ እኔ ግን አንድ ብር አልከፈልኩም። ቁጥሩን መደበቅስ አይቻልም ወይ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ከሺህ በላይ ሰው በአንድ ሌሊት ተመካክሮ አይወጣም። ሰው ሲቀየም መጀመሪያ ይናገራል። ኮሜንት ላይ ይሳደባል፣ ኢንቦክስ ይጽፋል፣ ስክሪንሾት እየተላላከ ያማሻል። ፎሎው የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ያንቺ ፔጅ ላይ ጭጭ ካለ፣ የወጡት ሰዎች አይደሉም ወይም አብዛኞቹ ሰዎች አይደሉም። ሪፖርቱንም ከሐሳብሽ አውጪው። ሪፖርት ፖስት ያስነሳል፣ ሲብስም አካውንት ያዘጋል። ተከታይ ግን አይቀንስም።

ከሁሉ በፊት ግን የጠፋው ስንት እንደሆነ እንወቅ። ስክሪኑ ላይ የምታይው `48.3K` የተጠጋጋ ቁጥር ነው። ሁለቱም ቁጥሮች በመቶ ስለተጠጋጉ፣ የጠፋብሽ ከ1,300 እስከ 1,500 ባለው መሐል የሆነ ቦታ ነው። ይህን የምለው አንዳንድ ሰው አንድ ተከታይ አጥቶ መቶ የጠፋበት ስለሚመስለው ነው። ቁጥሩ ጠርዝ ላይ ቆሞ ከነበረ አንድ ሰው ሲወጣ ከ`48.3K` ወደ `48.2K` ይወርዳል። ዩቲዩብ ላይ ይባስ ብሎ መቶ ሺህ ያለፈ ቻናል የሚታየው በሺህ ተጠጋግቶ ስለሆነ፣ የአንድ ሰው መውጣት የሺህ ሰው ይመስላል። ያንቺ ግን የማጠጋጋት ጉዳይ አይደለም። በእርግጥ ወርዷል።

ያ ቁጥር የሚነግርሽ «እስከ ዛሬ ስንት ሰው ተከተለሽ» የሚለውን አይደለም። «ከተከተሉሽ አካውንቶች ዛሬ ስንቶቹ በሕይወት አሉ» የሚለውን ነው። እንደ እድር መዝገብ አትቁጠሪው። መዝገብ ላይ ስሙ የሠፈረ ሰው አገር ቢለቅም ስሙ እዚያው ይቆያል። እዚህ ግን አካውንቱ ሲጠፋ ስሙም አብሮ ይፋቃል። አካውንት ደግሞ ባለቤቱ ሳይነካውም ሊጠፋ ይችላል።

አካውንቶች በአንድ ላይ የሚጠፉት ድርጅቱ ራሱ ሲያጸዳ ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ኢንስታግራም የስፓም አካውንቶችን ከቁጥር ሲያወጣ የራሱ የኢንስታግራም ፔጅ ወደ 19 ሚሊዮን ገደማ ተከታይ አጣ። ጀስቲን ቢበር ደግሞ ወደ 3.5 ሚሊዮን ገደማ። እነሱም ያንን ሁሉ ገዝተው አልነበረም። ቦት ማለት በፕሮግራም የሚንቀሳቀስ የውሸት አካውንት ነው። ቦት የሚሠራ ሰው ቦቱ ሰው እንዲመስልለት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ታዋቂ ሰዎችንና እንዳንቺ ያሉ ትክክለኛ ሱቆችን ያስከትለዋል። ተከታይ የገዙ ሦስት ፔጆችን ብቻ የሚከተል አካውንት ወዲያው ይነቃበታላ! ስለዚህ «ቦት ነበረብሽ» እና «ገዝተሻል» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለሚያሙሽ ይህን ንገሪያቸው።

ትዊተር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ያደረገው ደግሞ ከዚህ ትንሽ ይለያል። አካውንቶቹን አልሰረዘም። ድንገት ባሕርያቸው የተቀየረ፣ ምናልባት የተጠለፉ አካውንቶችን አስቀድሞ ቆልፎ ነበር። ባለቤቶቹ መጥተው ማንነታቸውን ስላላረጋገጡ ከተከታይ ቁጥር አወጣቸው። ያኔ ድርጅቱ አብዛኛው ሰው አራት ወይም ከዚያ ያነሰ ተከታይ እንደሚያጣ ነበር የተናገረው። ትልልቆቹ ግን በመቶ ሺዎችና በሚሊዮኖች አጡ። ፔጅ በተለቀ ቁጥር ጥራጊው ይበዛል፤ ጽዳት ሲመጣም የሚጮኸው እሱ ነው።

አሁን ወደ ስልክሽ እንሂድ። የንግድ አካውንት ስላለሽ `Insights` ውስጥ ገብተሽ ተከታዮችሽን ስትነኪ የዕድገት ግራፍ ታገኛለሽ። እዚያ `Follows` እና `Unfollows` የሚል አለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። `Unfollows` የሚለውን አይቶ «1,400 ሰው ጠላኝ» ይላል። ኢንስታግራም ግን እዚያ ውስጥ የሚደምረው ፎሎው ያነሱትን ብቻ አይደለም፤ ከኢንስታግራም የጠፉትንም ነው። በአንድ ቃል ሁለት የተለያየ ነገር አስገብተዋል። ስለዚህ ከዚያ ግራፍ የምትወስጂው ቀኑን ብቻ ይሁን። ቁልቁለቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ላይ ብቻ ቀጥ ብሎ ከወረደ ጽዳት ነው። ለሳምንታት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከወረደ ግን ሰው ነው፤ ያኔ ስለምትለጥፊው ነገር ማሰብ አለብሽ።

ማን እንደወጣ በስም ማወቅ ከፈለግሽ ግን ግራፉ አይረዳሽም። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት የሕፃናት ልብስ የምትሸጥ ደንበኛዬ እንዳንቺው ደንግጣ ደወለችልኝ። ከ31,640 ወደ 29,905 ወርዳለች፣ በሁለት ቀን። ደግነቱ ከሁለት ወር በፊት የተከታዮቿን ዝርዝር አውርጄ አስቀምጬ ነበር። ያኔ 31,020 ነበሩ።

ዝርዝሩን ማውረድ ከባድ አይደለም። ኢንስታግራም የራስሽን መረጃ ይሰጥሻል። ሴቲንግ ውስጥ `Accounts Center` ትገቢያለሽ፣ ከዚያ `Your information and permissions`። እዚያ ውስጥ መረጃ ማውረጃው አለ። የሜኑው ስም አልፎ አልፎ ስለሚቀያየር ቃሉ ትንሽ ቢለይ አትገረሚ። ሁሉንም አታውርጂ፤ `Followers and following` የሚለውን ብቻ ምረጪ። አንድ ወጥመድ አለ። የጊዜውን ገደብ `All time` ካላደረግሽው ያለፈውን አንድ ዓመት የተከተሉሽን ብቻ ሊሰጥሽ ይችላል። ያኔ ከግማሽ በላይ የጠፋ መስሎሽ ራስሽን ትስቻለሽ። እኔም አንዴ ሆኖብኛል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ደንበኛዬን በከንቱ አስጨንቄአለሁ።

ፋይሉ ሲመጣ ከእያንዳንዱ ስም ጋር የተከተለሽበት ቀን አለ። ወርቁ ያ ቀን ነው። ከደንበኛዬ ጋር የድሮውን ስሞች ኤክሴል ላይ A ዓምድ፣ የአዲሱን B ዓምድ አደረግንና C2 ላይ ይህችን ጽፈን እስከ ዝርዝሩ መጨረሻ ወደ ታች ጎተትናት፦

```
=COUNTIF(B:B,A2)
```

0 የሚል ያመጣው ስም ድሮ ነበር፣ አሁን የለም ማለት ነው። ዝርዝሩ ረጅም ሲሆን ላፕቶፑ ያቃስታል፤ ቡና እየጠጣሽ ጠብቂው።

ውጤቱ እንዲህ ነበር። ከድሮዎቹ 1,918 ስም የለም። በሁለቱ ወር ውስጥ ደግሞ 803 አዲስ ሰው መጥቷል። 31,020 ላይ 1,918 ቀንሰሽ 803 ስትጨምሪ ልክ 29,905 ይመጣል፣ ሒሳቡ ገጠመ። ከዚያ የጠፉትን በተከተሉበት ቀን ደረደርናቸው። 1,604ቱ ፔጁን የተከተሉት ከሁለት ዓመት በፊት፣ በአራት ተከታታይ ቀናት ውስጥ ነው። የቀሩት 314 ግን በተለያየ ወር፣ በተለያየ ዓመት የተበተኑ ናቸው።

ከአራቱ ቀን ስብስብ ውስጥ 50 ስም እንዲሁ በዘፈቀደ መርጬ አንድ በአንድ ከፈትኩ። 47ቱ ጋ «ይቅርታ፣ ይህ ገጽ የለም» የሚለው ጽሑፍ መጣ። ሦስቱ ይከፈታሉ፤ አንዱ ፎቶ የለውም፣ ሁለቱ የማላውቀው ቋንቋ ነው። ከተበተኑት 314 ውስጥም 50 ከፈትኩ። እዚያ 31ዱ በደንብ ይከፈታሉ። ልጆቻቸውን የለጠፉ እናቶች ናቸው። ልጁ አድጎባቸው የሕፃን ልብስ አይፈልጉም፣ ወጡ። ይህ የማንም ሱቅ የተለመደ ፍሰት ነው። በሁለት ወር 314 ማለት በቀን አምስት ሰው ነው።

ደንበኛዬን ቀኑን ስነግራት ዝም አለች። በኋላ «ያ ልጅ!» አለች። በዚያ ወር አንድ ልጅ ፔጁን «አሳድግልሻለሁ፣ ማስታወቂያ እሠራለሁ» ብሎ ገንዘብ ወስዶ ነበር። ማስታወቂያ አልሠራም፤ ከርካሽ መደብር ተከታይ ገዝቶ አስገባላት። ፔጁ ሲያድግ እሷ ደስ ብሏት ነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቦት ይዛ ስትኖር። ሽያጯ ግን በጽዳቱ አልተነካም። ፖስቶቿ ከጽዳቱ በፊትም በኋላም ያው 400 ገደማ ላይክ ነው የሚያገኙት። ቦት ልብስ አይገዛም።

ስም ስትከፍቺ መጠንቀቅ ያለብሽ ነገር አለ። «ገጹ የለም» ማለት የግድ ቦት ነበር ማለት አይደለም። ሰውየው አካውንቱን ለጊዜው ዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ ስሙን ቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ አንቺን ብሎክ አድርጎሽም ሊሆን ይችላል። ስም የቀየረ ሰው በድሮው ዝርዝር እንደጠፋ፣ በአዲሱ ደግሞ እንደመጣ ሆኖ ይታያል፤ ሁለቴ ያሳስትሻል። በተቃራኒው «ይከፈታል» ማለትም የግድ ሰውየው በፈቃዱ ወጣ ማለት አይደለም። ተከታይ ለማብዛት የይለፍ ቃላቸውን ለሌላ አፕ የሰጡ ሰዎች አሉ። አፑ በስማቸው መቶ ፔጅ ይከተላል፣ ላይክ ያደርጋል። ኢንስታግራም ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 2018 ጀምሮ እንዲህ የተደረጉ ፎሎዎችንና ላይኮችን እንደሚያነሳ አስታውቋል። ሰውየው አለ፣ አካውንቱ አለ፣ ፎሎው ብቻ ተነሳ። ለዚህ ነው አንድ ስም አይቼ የማልፈርደው። የምመለከተው ቀኑ መጠጋጋቱን ነው።

አንቺ ግን የድሮ ዝርዝር የለሽም። ምንም አይደለም፣ ዛሬ የምታወርጂውም ይናገራል። ጽዳት ሁሉን ጠርጎ አይወስድም፤ ከአንድ ስብስብ የተረፉ ሁልጊዜ አሉ። አሁን ያሉሽን ተከታዮች በቀን ደርድሪያቸው። በቀን 20 እና 30 ሰው የሚመጣበት ፔጅ ላይ ድንገት 600 የመጣበት ቀን ካለ ዐይንሽን እዚያ ላይ አሳርፊ። ያን ቀን ምን ነበር? ቪዲዮሽ ተሰራጭቶ ከሆነ ጥሩ፤ ሰዎቹን ስትከፍቺ ፊት አላቸው፣ ጓደኛ አላቸው። «ፎሎው አድርጉ፣ ሼር አድርጉ፣ ቀሚስ አሸንፉ» ብለሽ ለእንቁጣጣሽ ሽልማት አውጥተሽ ከነበረ ደግሞ አንድ ሰው ሃያ አካውንት ከፍቶ ገብቶ ይሆናል። ለሽልማት የተፈለፈሉ አካውንቶች በጽዳት ጊዜ መጀመሪያ ከሚሄዱት ናቸው። ያን ቀን ምንም ካልነበረ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ የፔጅሽን የይለፍ ቃል ከአንቺ ሌላ ማን ይዞት ነበር? አንቺ ስላልከፈልሽ ማንም አልከፈለም ማለት አይደለም።

እንዲህ የበዛ ቀን ጭራሽ ካላገኘሽ፣ የወጡብሽ በየጊዜው እየተንጠባጠቡ የመጡ ተራ ቦቶች ናቸው። ሐበሻ ቀሚስ፣ ሠርግ፣ ሜካፕ የሚሉ ሃሽታጎች ቦት ይስባሉ።

የተዘጋ አካውንት ጉዳይ ከጽዳት ይለያል፣ ምክንያቱም የሚመለስ ነው። ኢንስታግራም ላይ ለጊዜው የዘጋ ሰው ከዝርዝርሽም ከቁጥርሽም ይሰወራል፤ ሲገባ ይመለሳል። አጠፋለሁ ብሎ የጠየቀ ደግሞ 30 ቀን ሐሳቡን የሚቀይርበት ጊዜ አለው፣ ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን አይታይም። በዐቢይ ጾም አካውንታቸውን የሚዘጉ ሰዎች አውቃለሁ። ለፋሲካ ይመለሳሉ። እንዲህ ያለው ግን ፔጅ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚታየው፤ 1,400 ሰው በአንድ ማክሰኞ አይጾምም። ፌስቡክ ግን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ባለቤቶቻቸው የዘጓቸውንና የሞቱ ሰዎች መታሰቢያ የተደረጉ አካውንቶችን ከፔጆች ላይክ ቁጥር አንድ ላይ ሲያወጣ፣ ሰዉ ለዓመታት ጥቂት በጥቂት የዘጋው በአንድ ጊዜ ተቀነሰ። ማለትም የምታይው ሰው የወጣበትን ቀን ሳይሆን ድርጅቱ የቆጠረበትን ቀን ሊሆን ይችላል።

ኢንተርኔት ሲዘጋስ? ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ከየካቲት 2015 ዓ.ም ጀምሮ ለወራት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱ የተከታይ ቁጥር በዚያ ምክንያት አልወረደም። አካውንቱ አለ፣ ሰውየው ነው መግባት ያቃተው። የወረደው ፖስቱን የሚያየው ሰው ብዛት ነበር። ይህን ለይተሽ ያዢ። ተከታይ ወርዶ ተመልካች ካልወረደ ጽዳት ነው። ተመልካች ወርዶ ተከታይ ካልወረደ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ጨርሶ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ፌስቡክ ላይ በተፈጠረ ብልሽት የብዙ ሰው ተከታይ ከአሥር ሺህ በታች ወረደ። ከ119 ሚሊዮን በላይ የነበረው የራሱ የማርክ ዙከርበርግ ቁጥር 9,993 ሆኖ አደረ። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ኢንስታግራም ላይ በስሕተት የታገዱ አካውንቶች ነበሩ፤ ስለታገዱ ተከታይ ይቀንሳሉ፣ ሲመለሱም ይጨምራሉ። ስለዚህ ከ48 ሰዓት በፊት ምንም ውሳኔ አታድርጊ። ብልሽት ከሆነ ይመለሳል። ጽዳት ከሆነ አይመለስም። አንቺ ከጻፍሽልኝ አራት ቀን ሆኖታል፤ ካልተመለሰ ብልሽትነቱን እንርሳው።

መደበቁን ጠይቀሻል። ኢንስታግራም ላይ የተከታይን ቁጥር መደበቂያ የለም። መደበቅ የሚቻለው የላይክ ቁጥር ነው፤ እሱም ከእ.ኤ.አ. ግንቦት 2021 ጀምሮ። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ዩቲዩብ ግን ድሮ ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 አስቀረው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አጭበርባሪዎች የትልልቅ ቻናሎችን ስምና ፎቶ ይዘው ኮሜንት ላይ ይጽፋሉ፣ ቁጥራቸውን ስለሚደብቁ ሰው አይነቃባቸውም ነበር። እኔ ብጠየቅ አንቺም ባትደብቂው ይሻል ነበር። ዋሽንግተን ሆና ሳታይሽ ገንዘብ የምትልክልሽ ሴት ቁጥር የሌለው ሱቅ ስታይ ትጠራጠራለች። 46.9ሺ ደግሞ የሚያሳፍር ቁጥር አይደለም።

በዚህ ሰሞን ኢንቦክስሽ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣል። አንዱ «የጠፋብሽን እንመልሳለን፣ ለ30 ቀን ዋስትና እንሰጣለን» ይልሻል። ዋስትናው የሚያስቀው ክፍል ነው፤ የሚሸጡት ዕቃ እንደሚጠፋ ራሳቸው ስለሚያውቁ ነው ቀን የሚቆርጡለት። ሁለተኛው «ማን እንደወጣብሽ የሚያሳይ አፕ» ይልክልሻል። የኢንስታግራም ይለፍ ቃልሽን የሚጠይቅ ከሆነ አትክፈቺው። በስምሽ የማታውቂያቸውን ፔጆች ሊከተልብሽ ይችላል፤ ከዚያ በሚቀጥለው ጽዳት የምትጠረጊው አንቺ ትሆኛለሽ፣ ከሌላ ሰው ፔጅ ላይ።

ዛሬ ማታ `Insights` ውስጥ ገብተሽ ትክክለኛውን ቁጥርና ተከታዮችሽ ያሉባቸውን ከተሞች ስክሪንሾት አንሺ። ዝርዝሩንም አውርጂና የወረደበትን ቀን ስሙ ላይ ጽፈሽ አስቀምጪው። ከዚያ በየወሩ መጀመሪያ አንድ አንድ ጨምሪበት። ዝርዝሩን በቀን ስትደረድሪ ያልገባሽ ስብስብ ካገኘሽ፣ ቀኑንና ብዛቱን ብቻ ጻፊልኝ። የሰዎቹን ስም አትላኪልኝ፤ አያስፈልገኝም።